ሦስቱ ፌዝ ሁለት ሲሆን፦ ሬክቲፋየር፣ ሪፕልና ካፓሲተር እንዴት ይሠራሉ?

ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ያለ አንድ ወፍጮ ቤት እናስብ። ባለ 7.5 ኪሎዋት ሞተሩ የሚዞረው የሞተርን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ በኢንቨርተር ነው። ጠዋት ባዶውን ሲያስነሱት ያለ ችግር ይነሳል፤ ጥቂት ገብስ ሲጨመርበትም ይፈጫል። እህል ማስገቢያው ሞልቶ ገብሱ በደንብ መውረድ ሲጀምር ግን ቀጥ ይላል፤ ማሳያው ላይም ቮልቴጅ ማነሱን የሚናገር ኮድ ይወጣል። ባለሙያ ተጠርቶ ይመጣና ማሽኑን ባዶውን አስነስቶ የውስጡን ቮልቴጅ ይለካል። 537 ቮልት ዲሲ ያነባል። ቁጥሩ ልክ ነው። እንግዲህ ያለው ምርጫ «ኢንቨርተሩ ተበላሽቷል» ማለት ይመስላል።

ኢንቨርተሩ ግን ደህና ነው። የጠፋው ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ነው። ቮልቴጁ ልክ ሆኖ ሳለ ማሽኑ «አነሰኝ» የሚለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ያለውን ሬክቲፋየር ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ በትንሹ ሲታይ ስለሚቀል፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በሚሠራ የ12 ቮልት ዕቃ እንየውና ወደ ወፍጮው እንመለሳለን።

ሬክቲፋየር ምን ያደርጋል?

ከመስመር የሚመጣው መብራት ኤሲ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወደ ፊት ሄዶ 50 ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ራዲዮ፣ ቻርጀር፣ አምፕሊፋየር፣ የኢንቨርተር ውስጥ ክፍል ሁሉ የሚፈልጉት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ዲሲ ነው። ኤሲን ወደ ዲሲ የሚያዞረው ክፍል ሬክቲፋየር ይባላል። የሚሠራውም በዳዮድ ነው። ዳዮድ ውሃ ቧንቧ ላይ እንደሚገጠመው፣ ወደ ፊት አሳልፎ ወደ ኋላ እንደማይመልሰው ቫልቭ ነው።

አንድ ዳዮድ ብቻ ከገባ የወደ ፊቱ ግማሽ ያልፋል፣ የወደ ኋላው ግማሽ ይቀራል። በሴኮንድ 50 ጉብታ ይወጣል፤ በየሁለት ጉብታ መካከልም ምንም የሌለበት ባዶ ጊዜ አለ። አራት ዳዮድ በድልድይ መልክ ሲገናኙ ደግሞ የወደ ኋላው ግማሽም ተገልብጦ ወደ ፊት ይወጣል። ይህ ብሪጅ የሚባለው ነው። ጉብታዎቹ 100 ይሆናሉ፤ ባዶው ጊዜ ይጠፋል፤ ቢሆንም በየሁለት ጉብታ መካከል ቮልቴጁ አሁንም ዜሮ ይነካል። አቅጣጫው አንድ ሆኗል እንጂ መውጣትና መውረዱ አልቀረም።

ይህ መውጣትና መውረድ ነው ሪፕል የሚባለው። በቮልት ሲለካ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጎድጓዳው ወለል ያለው ርቀት ማለት ነው።

12 ቮልት ትራንስፎርመር ለምን 9.4 ያሳያል? ካፓሲተር ሲገባስ ለምን 15.6?

ዕቃ መጠገን የጀመረን ሰው ሁሉ የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ 12 ቮልት ተጽፏል። በብሪጅ አልፎ በመልቲሜትር ዲሲ ሲለካ 9.4 አካባቢ ይነበባል። አንድ ካፓሲተር ሲጨመር በአንዴ ወደ 15.6 ይዘላል። ካፓሲተሩ ቮልት የጨመረ ይመስላል። ምንም አልጨመረም፤ ሦስቱ ቁጥሮች የአንዱ ጉብታ ሦስት የተለያዩ ልኮች ናቸው።

ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው 12 የኤሲው የሥራ አቅም ነው፦ አምፖል ቢገናኝበት 12 ቮልት ዲሲ የሚሰጠውን ያህል ያሞቀዋል። የጉብታው ጫፍ ግን ከዚያ በ1.414 እጥፍ ይበልጣል፤ 12 × 1.414 = 17 ቮልት ገደማ።

መልቲሜትሩ በዲሲ በኩል የሚያነበው አማካዩን ነው። አማካይ ማለት ጉብታውን ቆርጠን ጎድጓዳውን ብንሞላበት መሬቱ ልክ ሜዳ የሚሆንበት ከፍታ ነው። ለብሪጅ ይህ ከፍታ የኤሲው 0.9 እጥፍ ነው፦

V_avg = 0.9 × 12 = 10.8 V

ከዚህ ላይ ዳዮዶቹ የሚበሉት ይቀነሳል። በብሪጅ ውስጥ ምንጊዜም ሁለት ዳዮዶች በተከታታይ ስለሚያልፉ፣ እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ቢወስድ 1.4 ይሆናል፤ 10.8 ሲቀነስ 1.4 ያው 9.4 ነው። በአንድ ዳዮድ ቢሠራ ኖሮ አማካዩ ግማሽ፣ ማለትም የኤሲው 0.45 እጥፍ ይሆን ነበር።

ካፓሲተሩ የሚሠራውን ለመረዳት ግቢ ውስጥ ያለውን ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣ ሮቶው እስከ አፉ ይሞላል፤ ሲሄድ ቤቱ ከሮቶው ይጠጣል። ካፓሲተርም ጉብታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሞላል፣ ጉብታው ሲወርድ ያጠራቀመውን ለዕቃው ይሰጣል። ልዩነቱ ፈረቃው በሴኮንድ መቶ ጊዜ መሆኑ ነው። ከሮቶው ማንም ካልጠጣ ውሃው ከአፉ አይወርድም፤ ካፓሲተሩም ጭነት ከሌለበት የጉብታው ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። 17 ሲቀነስ 1.4፣ 15.6 ቮልት። ይህች «ጭነት ከሌለበት» የምትለዋን አንባቢ ይያዝልን፤ ወፍጮ ቤቱ ያሳሳተን በእሷ ነው።

ካፓሲተሩ ምን ያህል መሆን አለበት?

ዕቃው መጠጣት ሲጀምር ቮልቴጁ በሁለት ጉብታ መካከል ምን ያህል እንደሚወርድ በሦስት ነገር ይወሰናል፦ ዕቃው በሚወስደው አምፔር፣ በካፓሲተሩ መጠንና ጉብታዎቹ በሚመላለሱበት ፍጥነት። ስሌቱ አጭር ነው፦

ΔV = I / (f × C)

I በአምፔር፣ C በፋራድ፣ f ደግሞ በሴኮንድ የሚመጡት ጉብታዎች ብዛት ነው፤ በአንድ ዳዮድ 50፣ በብሪጅ 100። 1 አምፔር ለሚወስድ አምፕሊፋየር 4,700 ማይክሮፋራድ ብንገጥም፦

ΔV = 1 / (100 × 0.0047) = 2.1 V

ስለዚህ ቮልቴጁ ከ15.6 ወደ 13.5 ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። መልቲሜትሩ መካከሉን፣ 14.5 አካባቢ ያነባል። በ1,000 ማይክሮፋራድ ስሌቱ 10 ቮልት ይሰጣል። ይህ የተጋነነ ነው፤ ያን ያህል ከመውረዱ በፊት የሚቀጥለው ጉብታ ስለሚደርስለት ስሌቱ የሚታመነው ሪፕሉ ከጫፉ አንፃር ትንሽ ሲሆን ነው። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ካፓሲተሩ አይበቃም።

አሁን ከኋላ 7812 የሚባለውን 12 ቮልት ሬጉሌተር እንጨምር። ይህ ዕቃ 12 ቮልት ለማውጣት መግቢያው ላይ 14 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም በአማካይ ሳይሆን በእያንዳንዷ ቅጽበት ነው። አማካዩ 14.5 ስለሆነ በመልቲሜትር ሲታይ በቂ ይመስላል። ጎድጓዳው ግን 13.5 ነው። ስለዚህ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ሬጉሌተሩ ይሸነፋል፤ አምፕሊፋየሩም «እምምም» እያለ ይዘፍናል። ብዙ ጊዜ ሬጉሌተሩ ይቀየርና ድምፁ እንዳለ ይቀራል።

ካፓሲተሩን ወደ 10,000 ማሳደግ ሪፕሉን ወደ 1 ቮልት ያወርደዋል፤ ጎድጓዳው 14.6 ይሆናል፤ ድምፁ ይጠፋል። ማታ መብራቱ ወደ 190 ቮልት ሲወርድ ግን የ12ቱ ትራንስፎርመር 10.4 ነው የሚሰጠው። ጫፉ ራሱ 13.3 ይሆናል። ሮቶውን የፈለጉትን ያህል ቢያሰፉት ውሃው ከቧንቧው ግፊት በላይ አይወጣም። እዚህ ላይ መፍትሔው ሌላ ትራንስፎርመር ነው። ባለ 15 ቮልቱ በ190 ቮልት መስመር እንኳ 16.9 ጫፍ ይሰጣል፤ በ4,700 ማይክሮፋራድ ጎድጓዳው 14.8 ላይ ይቆያል። ዋጋው ሙቀት ነው፦ መስመሩ 220 ሲሆን አማካዩ 18.7 ስለሚደርስ ሬጉሌተሩ 6.7 ዋት ያህል ይፈላበታል፤ ያለ ማቀዝቀዣ አሉሚኒየም አይቻልም።

የካፓሲተሩ የቮልት ልክም ከዚሁ ስሌት ይመጣል። ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ጭነት ሲያጡ ከተጻፈባቸው አስር፣ አስራ አምስት በመቶ ይበልጣሉ። መስመሩም ሌሊት 240 ቢደርስ፣ ባለ 15 ቮልቱ ጫፉ ከ25 ሊያልፍ ይችላል። ባለ 25 ቮልት ካፓሲተር የተገጠመበት ዕቃ ለወራት ሠርቶ አንድ ሌሊት አናቱ የሚያብጠው በዚህ ነው። ባለ 35 ቮልቱ ይገባዋል።

ታዲያ ካፓሲተር ካበዛን አይሻልም?

እስከ አንድ ልክ ይሻላል። ሮቶው ሁልጊዜ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነ ውሃ የሚገባው ግፊቱ ከፍ ባለባት አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን በዚያች አጭር ጊዜ ቤቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣው ሁሉ መግባት አለበት። ካፓሲተሩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ዳዮዶቹ የሚያሳልፉበት ጊዜ ይጠባል፣ የሚያሳልፉትም አምፔር በዚያው ልክ ይከምራል። 1 አምፔር ዲሲ ለማውጣት ብሪጁ ለአጭር ጊዜ ብዙ አምፔር ይጎትታል፤ ትራንስፎርመሩም 1 አምፔር ሳይሆን 1.6 እስከ 1.8 አምፔር እንደሚሰጥ ሆኖ ይሞቃል። «1 አምፔር» የተጻፈበት ትራንስፎርመር ከካፓሲተር ጋር በደህና የሚሰጠው 0.6 አምፔር ዲሲ ያህል ነው። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ያላወቀ ነው።

ስሪ ፌዝ ሲሆን ምን ይለወጣል?

አሁን ወደ ወፍጮው። በስሪ ፌዝ መስመር ላይ ሦስት ኤሲዎች አሉ፤ አንዱ ከሌላው በዙሩ አንድ ሦስተኛ ወደ ኋላ ዘግይቶ ይመጣል። አንደኛው ሲወርድ ሁለተኛው እየወጣ ነው። በስድስት ዳዮድ ብሪጅ ሲገናኙ፣ በየቅጽበቱ ከፌዞቹ መካከል ከፍተኛው በአንድ በኩል፣ ዝቅተኛው በሌላ በኩል ይወጣል። በዚህም ጉብታዎቹ በሴኮንድ 300 ይሆናሉ። ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ጉብታ ገና ጥቂት እንደወረደ ሌላው ስለሚቀበለው ቮልቴጁ ዜሮን ፈጽሞ አይነካም።

በቁጥር እንየው። በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው፤ ጫፉ 380 × 1.414 = 537። ያለ አንዳች ካፓሲተር ጎድጓዳው ከጫፉ 86.6 በመቶ ላይ ይቆማል፤ 465 ቮልት። አማካዩም፦

V_avg = 1.35 × 380 = 513 V

ከሲንግል ፌዙ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። እዚያ ያለ ካፓሲተር ከጫፍ እስከ ዜሮ ይወርድ ነበር፤ እዚህ የሚወርደው 72 ቮልት ብቻ ነው። ውሃው በሦስት ቧንቧ ተራ በተራ ይመጣል፤ ሮቶው ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። የኢንቨርተር ፋብሪካዎችም ይህን ስለሚያውቁ ለስሪ ፌዝ የተሠራ ማሽን ውስጥ የሚያስገቡት ካፓሲተር ለሲንግል ፌዝ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ቁልፉ ነገር እዚህ አለ።

አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ውስጡ ምን ይሆናል?

የኛን 7.5 ኪሎዋት ወፍጮ እንውሰድ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ባለ 1,500 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት ሁለት ካፓሲተሮች በተከታታይ አሉ እንበል፤ 537 ቮልትን አንዱ ብቻውን ስለማይችል ነው ሁለት የሆኑት። በተከታታይ ሲሆኑ መጠናቸው በግማሽ ይወርዳል፤ 750 ማይክሮፋራድ። ሞተሩ ሙሉ ሲጫን ከዚህ ላይ 8 ኪሎዋት ያህል ይጠጣል።

ሦስቱም ፌዞች ካሉ፣ በየ3.3 ሚሊሴኮንድ አዲስ ጉብታ ይደርሳል። ቮልቴጁ ከ537 ወደ 498 አካባቢ ወርዶ ይመለሳል፤ ሪፕሉ 40 ቮልት ያህል ነው። ማሽኑ ይህን እንደ ምንም አይቆጥረውም።

ለወፍጮ ቤቱ መብራት የሚሰጠው የመስመር ትራንስፎርመር ላይ ያለ አንድ ፊውዝ ተቃጠለ፣ ወይም የብሬከሩ አንድ ብሎን ላልቶ ነደደ እንበል። የቀሩት ሁለት ፌዞች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው 380 ግን አልተነካም። ስድስት ዳዮድ የነበረው ብሪጅ አራቱ ብቻ ይሠራሉ፤ ስሪ ፌዝ ሬክቲፋየሩ ሳይነገረው ሲንግል ፌዝ ሆነ። ጫፉ አሁንም 537 ነው። የጉብታዎቹ ርቀት ግን ከ3.3 ወደ 10 ሚሊሴኮንድ ተራራቀ። ያው ካፓሲተር፣ ያው ጭነት፣ ሦስት እጥፍ ጥበቃ። ሞተሩ ሙሉ ሲጫን ቮልቴጁ ከ537 ወደ 367 ገደማ ይወርዳል። ብዙ ኢንቨርተሮች 400 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል «ቮልቴጅ አነሰ» ብለው ስለሚቆሙ፣ ገብሱ ሲወርድ ወፍጮው ቀጥ ያለው ለዚህ ነው።

ባዶውን ሲዞር ግን ማንም ከሮቶው አይጠጣም። ካፓሲተሩ ጫፉ ላይ ቆሞ 537 ያሳያል። ባለሙያው የለካው ይህን ነው፤ አልተሳሳተም፣ የለካበት ሰዓት ነው የተሳሳተው።

ከሙሉ ጭነት ይልቅ የሚያስፈራው ግን ግማሽ ጭነት ነው። በ4 ኪሎዋት ጎድጓዳው 450 አካባቢ ስለሚቀር ማሽኑ አይቆምም፤ ሥራ ይቀጥላል። ሪፕሉ ግን 87 ቮልት ያህል ነው፤ ሦስት ፌዝ ይዞ ሙሉ ጭነት ሲሠራ ከነበረው ከእጥፍ በላይ። በየሴኮንዱ መቶ ጊዜ ይህን ያህል መሞላትና መራገፍ ካፓሲተሩን ከውስጥ ያሞቀዋል፤ የካፓሲተር ዕድሜ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ግማሽ የሚወርድ ነገር ነው። መጠኑ እየደረቀ ሲሄድ ሪፕሉ ይብሳል፣ ሪፕሉ ሲብስ ሙቀቱ ይብሳል። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ያለበት ኢንቨርተር ሲመጣ ካፓሲተሩን ቀይሮ መስጠት ብቻ ሥራውን በግማሽ መተው ነው፤ መስመሩ ሳይታይ ከተመለሰ ያው በሽታ ይመለሳል።

ብዙ ኢንቨርተሮች የመግቢያ ፌዝ መጥፋትን የሚያስጠነቅቁ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን የሚያውቁት የውስጡን ሪፕል አይተው ስለሆነ፣ ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ዝም ይላሉ። ማስጠንቀቂያውን «በየጊዜው እያቆመ አስቸገረ» ብሎ ከሴቲንግ ማጥፋት ደግሞ የጭስ ደወል ጮኸ ብሎ ባትሪውን እንደማውጣት ነው።

በመልቲሜትር እንዴት ይታወቃል?

ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ጭነት ላይ መለካት፣ እና ዲሲውን ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለውን ኤሲም ማንበብ። ግማሽ ጭነት ላይ ሦስቱ ፌዞች ካሉ ዲሲው 525 አካባቢ፣ የኤሲ ንባቡ ደግሞ 7 ቮልት ገደማ ይሆናል። አንዱ ሲጠፋ ዲሲው ወደ 495 ይወርዳል፤ ይህን ብቻ ያየ ሰው «ዛሬ መስመሩ ደከም ብሏል» ብሎ ያልፋል። ኤሲው ግን ወደ 25 ቮልት ይዘላል። መልቲሜትሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ስለማያነብ፣ ያነበበውን በ3.5 ገደማ ማባዛት የሪፕሉን ሙሉ ርቀት ያህላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ርካሾቹ መልቲሜትሮች በኤሲ በኩል ዲሲውን አይከለክሉም፤ ዲሲውን ራሱን ኤሲ አስመስለው ያነባሉ። ፍተሻው ቀላል ነው፤ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርጎ የመኪና ባትሪ መለካት፣ ሽቦዎቹንም አገላብጦ መድገም። በሁለቱም ዜሮ ካነበበ ይሠራል። አንዴ ሃያ ምናምን፣ አንዴ ዜሮ የሚል ከሆነ ሪፕል ሊለካበት አይቻልም።

የኢንቨርተርን ውስጥ ለመለካት CAT III 1000V የተጻፈበት መሣሪያ ይያዛል። ማሽኑ ከተዘጋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ እንደያዙ ይቆያሉ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10፣ ጠብቆ፣ ቮልቴጁ መውረዱን ለክቶ ነው እጅ የሚገባው። ካፓሲተሩ አርጅቷል ማለት ቻርጅ አይዝም ማለት አይደለም።

ሽፋን መክፈት ለማይፈልግ ሰው ክላምፕ ሜትር አለ። ጭነት ላይ ሦስቱን የመግቢያ ገመዶች አንድ በአንድ መያዝ ነው፤ አንዱ ዜሮ ካነበበ ጠፊው እሱ ነው። ሦስቱ እኩል አለመሆናቸው ብቻውን ግን አያስደነግጥ። ካፓሲተር የሚሞላው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ በፌዞች መካከል ጥቂት ቮልት ልዩነት ቢኖር አምፔሩ በብዙ ይበላለጣል፤ በተለይ ጭነቱ ቀላል ሲሆን። በቮልት መለካት ደግሞ ያሳስታል፦ የጠፋው ገመድ በሌሎች ዕቃዎች በኩል ዞሮ የመጣ ቮልቴጅ ሊያሳይ ይችላል።

ለ12 ቮልቱ ጠረጴዛ ሥራም ይኸው ዘዴ ያገለግላል። ከብሪጁ አንድ ዳዮድ ከተቆረጠ ጉብታው ከ100 ወደ 50 ይወርዳል፣ ሪፕሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በአምፕሊፋየሩ የሚሰማው እምምታም ይወፍራል። ካፓሲተሩ ደርቆ ከሆነ ድምፁ ያው ሆኖ ኃይሉ ነው የሚጨምረው።

ሲንግል ፌዝ ብቻ ባለበት ቦታስ?

ስሪ ፌዝ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ያለ ሰው በ220 ቮልት ኢንቨርተር የስሪ ፌዝ ሞተር ማዞር ይችላል። ልብ የሚባለው ጫፉ 311 ቮልት ብቻ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ከ220 በላይ ማውጣት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሰሌዳው ላይ 220/380 የሚል መሆን አለበት፤ የሚታሰረውም በዴልታ ነው። 380/660 የሚለው ሞተር በዚህ አቅሙን አያወጣም።

መጠኑን ስንመርጥ ኢንቨርተሩ ለሲንግል ፌዝ መግቢያ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ካፓሲተሩ ታስቦበታል። ለስሪ ፌዝ የተሠራውን ባለ 220 ቮልት ኢንቨርተር በሲንግል ፌዝ ካስገባነው ግን ከላይ ያየነውን ጉድለት አውቀን ገዛነው ማለት ነው፤ የተለመደው አሠራር ከተጻፈበት አቅም ግማሹን ብቻ መጠቀም ነው። ተጨማሪ ካፓሲተር ከውጭ መቀጠል የሚያስበውም አይጠፋም። ማሽኑ ሲበራ ባዶ ካፓሲተሮችን ቀስ አድርጎ የሚሞላው ሬዚስተር የተለካው ለነበሩት ነው፤ ሲጨመርበት እሱ ይቃጠላል ወይም ዳዮዶቹ ይሄዳሉ።

ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ የከፍታ ነገር አለ። የኢንቨርተር አቅም የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከከፍታ የሚቀነሰው 3 በመቶ ነው፤ እዚያ ጠላቱ ሙቀቱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ የሚቀነሰው 18 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ለ2.2 ኪሎዋት ሞተር መጀመሪያ 2.2 ÷ 0.82፣ ማለትም 2.7 ኪሎዋት ይሆናል። ለሲንግል ፌዝ የተሠራ ኢንቨርተር ካልተገኘና ለስሪ ፌዝ የተሠራው በሲንግል ፌዝ የሚገባ ከሆነ ይህ በሁለት ይባዛል፤ 5.4። የሚገዛው ባለ 5.5 ኪሎዋቱ ነው።